ለቤተሰብ ተነግሯል

ይህን ጽሑፍ ለማንም ከማሳየቴ በፊት ለሁለት ሴቶች አንብቤላቸዋለሁ። እናትየው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ልጃቸው ደግሞ እስክሪብቶ ይዛ ሰማችኝ። ሁለት ቦታ አስወጥተውኛል። ምንና ምን እንደሆነ አልናገርም፤ ከተናገርኩትማ ምኑን አወጣሁት? ስም የለበትም። ሰፈሩ እንጦጦ ላይ ካሉት ሰፈሮች አንዱ ነው፣ በቃ። ልጁ እንዴት እንደሞተና የት እንደተገኘም እዚህ ውስጥ የለም። ያንን ፈልጎ የመጣ ሰው ካለ ከአሁኑ ይተወው፣ አልቀየመውም።

እኔ የማወራው የራሴን ጥፋት ነው።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። የሬዲዮ ዘጋቢ ነበርኩ። ቢሯችን መገናኛ፣ ከአንድ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ ሲከፈት የታክሲ ረዳቶች ጩኸት እስቱዲዮ ድረስ ስለሚገባ በጋ ከክረምት ተዘግቶ ነበር የምንሠራው። ቸኩዬ የምናገር፣ ቸኩዬ የምቆጣ ሰው ነኝ። እናቴ «አንቺ እኮ እሳት የላሰሽ ነሽ» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ እኔም እንደ ምርቃት ነበር የምሰማው።

በዚያ ሰሞን ስለ ሞትና ስለ ሐዘን እንዴት እንደሚዘገብ ሥልጠና ወስጄ ተመልሻለሁ። ራሱን ያጠፋ ሰው ዜና ሲሠራ መንገዱን አትግለጡ፣ ቦታውን አትጥሩ፣ የተወው ጽሑፍ ካለ አታንብቡ፣ «በዚህ ምክንያት ነው» ብላችሁ በአንድ ነገር አትዝጉት፣ የጨነቀው ሰው የት ሄዶ እርዳታ እንደሚያገኝ ተናገሩ ተብለናል። በእጄ ጽፌ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። የሌላውን ሰው ዜና ሁሉ እየተጠጋሁ «ይሄ ይውጣ፣ ያ ይውጣ» ስል ባልደረቦቼ ተሰላቹብኝ። ከሩቅ ሲያዩኝ «መምህርት መጡ፣ ተነሱ!» ይሉ ነበር። እስቃለሁ፤ ግን ልክ ነኝ ብዬ ነው የምስቀው።

አንድ ቀን ጠዋት የፖሊስ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ደወለልኝ። አንድ ወጣት እንጦጦ ጫካ ውስጥ ሞቶ ተገኝቷል፤ ራሱን ነው ያጠፋው። ሳልጠይቀው እንዴትና በምን እንደሆነ አንድ በአንድ ዘረዘረልኝ። አንዱንም አልጻፍኩም። እንዲያውም «ይሄን እኛ አንጠቀምበትም» አልኩት በኩራት። ከዚያ ከሥልጠናው የቀረችኝን አንዲት ጥያቄ ጠየቅኩ።

«ቤተሰቡስ? ያውቃል?»

«ለቤተሰብ ተነግሯል» አለኝ።

ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኳት። ከሥሯም አሰመርኩባት። ያ ደብተር ዛሬም አለኝ። ለቤተሰብ ተነግሯል። ማን ነገረ? ለማን ተነገረ? ቋንቋችን ተናጋሪውንም ሰሚውንም ደብቆ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ይሠራል፤ እኔ ደግሞ በቋንቋ እንጀራዬን የምበላ ሰው ሆኜ «ለማን?» ብዬ አልጠየቅኩም።

ዋና አዘጋጃችን ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚበልጥ፣ ቶሎ የሚስቅና ቶሎ የሚረሳ ሰው ነው። «ወጣቱ ውስጥ ውስጡን እያለቀ ነው፣ እኛ ዝም እንላለን» አለ። እውነቱን ነው። «ሂጂና ቤተሰቡን አነጋግሪ። ስም አንጠራም፤ አንቺ እንደምትወጂው በጥንቃቄ እንሠራዋለን።» እኔም አመንኩበት። ዛሬም ቢሆን ዝም ይባል አልልም።

ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ የምትወጣዋን ታክሲ ይዤ ሄድኩ። ሥራችን ላይ አንድ ልማድ አለ፤ የሬዲዮ ሰው ቤት ሲገባ መቅጃውን የሚከፍተው ከበር ነው። ዶሮውም፣ የበሩ ሲጢጥታም፣ «ደህና ዋላችሁ» የሚባለውም ይቀዳል። ድባብ እንለዋለን። ሰውየውን የምናስፈቅደው ወንበር ይዘን ከተቀመጥን በኋላ ነው። ማንም አስተምሮኝ አይደለም፣ ሁሉም ሲያደርግ አይቼ ነው። እኔም አጥሩ ጋ ስደርስ ጫን አድርጌ ከፍቼው ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት፤ ማይኩ ብቅ እንዳለ።

ድንኳን የለም። ወንበር አልተደረደረም። የሚያለቅስ ሰው የለም። ሰፈሩ በሙሉ ጭጭ ብሏል። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው፤ «ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ» ብዬ ደስ አለኝ።

ግቢው ውስጥ አንዲት እናት ብርድ ልብስ አጥበው ሊጨምቁ እየታገሉ ነው። እጃቸው እስከ ክርናቸው ሳሙና ነው። አዩኝና ማን ነሽ፣ ከየት ነሽ ሳይሉ፣

«ነይ እስቲ ልጄ፣ እግዜር ነው የላከሽ፣ ያን ጫፍ ያዥልኝ» አሉኝ።

ያዝኩላቸው። እሳቸው ወደ ቀኝ፣ እኔ ወደ ግራ እያጠመዘዝን ጨመቅነው። ውሃው ጫማዬ ላይ ወረደ። «እርጥብ አደረግኩሽ አይደል፣ እኔን!» ብለው ሳቁ። ልብ ያለው ሰው እዚህ ላይ ይነቃል። ልጇ የሞተባት እናት ብርድ ልብስ ታጥባለች? ትስቃለች? እኔ ግን ስለ ድንጋጤ የሰማሁት ትዝ አለኝ፤ አንዳንድ ሰው ሐዘን ሲደርስበት ምንም እንዳልሆነ ሥራ ሥራውን ይላል ተብሏል። የተማርኩት ነገር ዓይኔን ጋረደው።

በዚህ ጊዜ ከጓዳ አንዲት ወጣት ልጅ ብቅ አለች። አሥራ ዘጠኝ ብትሆን ነው። እኔን፣ ደረቴ ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያና ከኪሴ ብቅ ያለውን ማይክ አየች። ከእናቷ ጀርባ ቆማ ራሷን ነቀነቀችልኝ። አይሆንም፣ አይሆንም፣ አይሆንም። እኔ የመሰለኝ «ቃለ መጠይቅ አንፈልግም» የምትለኝ ነው። ታዲያ ቢያንስ ወጉን ላድርስ፣ አጽናንቼ ልሂድ አልኩ፤ ጨዋነት መሆኑ ነው። አፌን በቆረጠው!

«እማማ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኩ።

ለዚህ ቃል መልሱ አንድ ነው። ማንም ሰው ሳያስብ «አሜን» ይላል። እሳቸው አሜን አላሉም።

«ለምኑ?» አሉኝ።

አሁንም ፈገግታው ከፊታቸው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። እኔ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ነው የነገራቸው። ከእኔ ዞረው ልጃቸውን አዩ፤ የልጅቷ ፊት ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ይዞት የዋለውን መያዝ አቃተው። ብርድ ልብሱ ከእጄ አመለጠና ጭቃው ላይ ወደቀ።

ያን ጩኸት አልገልጸውም። ካስወጡኝ ሁለት ነገሮች ውስጥ እንዳይደለ ግን ልናገር፤ ይህን የተውኩት በራሴ ነው።

ከዚያ የሰፈሩ በሮች በሙሉ ባንድ ጊዜ ተከፈቱ። ሁሉም ቤት ነበሩ፤ ሁሉም ያውቁ ነበር። ከየበራቸው ጀርባ ድምፃቸውን አጥፍተው ተቀምጠዋል። ጠዋት ሬሳውን ሆስፒታል ሄደው ለይተዋል፣ እህቲቱን ለብቻ ጠርተው ነግረዋታል፣ «እናትሽ ደም ግፊት አለባት፣ እህቷ ከሰላሌ እስክትደርስ አደራሽን» ብለው ለምነዋታል። ልጅቷ ወንድሟ መሞቱን እያወቀች ለእናቷ ቁርስ አቅርባ አብራ በልታለች። ነገ ሊነጋጋ ሲል ሰው ተሰብስቦ፣ አክስቷ አጠገባቸው ተቀምጣ፣ ከኋላ የሚይዝ ሰው ተመድቦ፣ ውሃና መድኃኒታቸው ቀርቦ ሊነገራቸው ነበር። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው። ይሄን የማያውቅ አበሻ የለም። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ አባቴ ሲሞት እኔንም እንዲህ አድርገው ነው የነገሩኝ።

የእድሩ ሰብሳቢ፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ በክንዴ ያዙና ከግቢው አወጡኝ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ነገ ጠዋት ነበር እኮ ልጄ» አሉኝ። «ላንድ ቀን ብቻ ነበር።»

«ለቤተሰብ ተነግሯል ብለውኝ ነው» አልኩ።

«አዎ፣ ለእኛ ተነግሮናል» አሉ።

ካርዴን ሰጥቻቸው ወረድኩ። ለምን እንደሰጠኋቸው አላውቅም፤ እጄ ለምዶበት ነው። ሽሮ ሜዳ ስደርስ እጄን ኪሴ ውስጥ ስከት ትንሿ ቀይ መብራት እየበራች ነው። መቅጃው ከበሩ ጀምሮ ሁሉንም ይዞ ወርዷል። ክው አልኩ።

እዚያው ማጥፋት ነበረብኝ። አላጠፋሁም። እኛ መሥሪያ ቤት ከመስክ የተመለሰ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ድምፁን ሁሉም የሚከፍተው ማኅደር ውስጥ መገልበጥ ነው። እኔም እንደ ደነዘዝኩ ገባሁ፣ ገለበጥኩ፣ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስመለስ አዘጋጁ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ቁጭ ብሏል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ይሄ ድምፅ ብቻውን ይበቃል» አለ። «ይሄን የሰማ ልጅ እናቱን ያስባል። አንድ ሰው ቢመልስስ?»

«አላስፈቀድኳቸውም።»

«ጋዜጠኛ መሆንሽን አይተዋል። ማይኩ ይታያል።»

«ልጃቸው መሞቱን እንኳን አላወቁም፣ አንተ! ለምኑ ነው የሚፈቅዱት?» ብዬ ጮህኩበት። ቢሮው ሁሉ ዞሮ አየን።

ተጨቃጨቅን። እሱ በርዕሱ ላይ ቦታውንና አሟሟቱን ጽፎት ነበር። እኔ ግድግዳዬ ላይ ያለውን ወረቀት ገንጥዬ አመጣሁና ፊቱ ዘረጋሁት። አሟሟቱ ይውጣ አልኩ፣ ወጣ። ቦታው ይውጣ፣ ወጣ። «ፈተና ስለወደቀ» የሚለው ይውጣ፣ የሰው ሕይወት በአንድ ፈተና አይገለጽም አልኩ፣ እሱም ወጣ። አንድ የአእምሮ ሐኪም እናናግር፣ የጨነቀው ሰው የት መሄድ እንዳለበት ይነገር አልኩ፣ ተስማማ። አንድ በአንድ አሸነፍኩ። ሲደክመው፣

«እሺ፣ ሁሉንም ሰጠሁሽ። ድምፁን ግን መግቢያው ላይ ትንሽ ስጪኝ። አራት ሰከንድ። ስም የለ፣ ቦታ የለ፣ ማን ያውቃቸዋል?» አለኝ።

እሺ አልኩ።

ማንም አላስገደደኝም። አራቱን ሰከንድ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ጫፉን አለስልሼ፣ ከሥሩ ክራር አስገብቼ፣ «ያማረ ሆነ» ብያለሁ በልቤ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን በሙሉ አክብሬአለሁ። ስለ እናት ድምፅ ወረቀቱ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

ቀብሩ በዚያው ቀን ከሰዓት ተፈጸመ። ዝግጅቱ በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተላለፈ። ሰው ደወለ፣ አመሰገነ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አንድ የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

«የምታነጋግረኝ ትናንት ቤታችን የመጣችው ናት?» አለች። ድምፅዋን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ ራሷን ስትነቀንቅ ብቻ ነው ያየኋት። ግን ወዲያው አወቅኳት።

ለእናቷ የደም ግፊት መድኃኒት ልትገዛ ወደ መገናኛ ስትወርድ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮው ተከፍቶ ነበር። ጎኗ የተቀመጠች ሴት «ወይኔ እናት!» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ልጅቷ ወራጅ አለ ብላ መሀል መንገድ ወረደች።

«ስም አልጠራንም» አልኳት። ወይ እኔ!

«እናቴ ናት እኮ» አለችኝ። «ሰፈሩ ሁሉ ትናንት ሰምቷታል። አሁን በስልክ እየተላላኩት ነው፤ ቴሌግራማችሁ ላይ አለ። ድንኳን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ስልክ ይዟል። እሷ አልሰማችውም። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይደገማል ብላችኋል። እህቴ፣ እለምንሻለሁ፣ እሷ እንዳትሰማው። እኔ እንደሆንኩ ሰምቼዋለሁ፣ ከጆሮዬ አይወጣም።»

በዚህ መሀል ድምፅዋ ቀጠነ። እኔ ከዚያ ሁሉ ሥልጠና አንድ ነገር በትክክል ያደረግኩት እዚህ ጋ ነው። «አንቺስ?» አልኳት። «መሞት ያሰኝሻል?» ብዬ በቀጥታ ጠየቅኳት። መጠየቅ ሐሳቡን ልብ ውስጥ አይከትም፤ ዝም ማለት ነው ብቻዋን የሚያስቀራት። «ትናንት አስቤ ነበር» አለች። አጠገቧ ማን እንዳለ ጠየቅኳት፤ ከሰላሌ የመጣችው አክስቷ ቤት ናት። ታክሲ ይዛ ቤት እስክትደርስ ስልኩን አልዘጋሁም። ለአክስቷ ነገረቻት፤ አክስቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ አጠገቧ ተኛች፣ በሳምንቱም ሐኪም ጋ ወሰደቻት። ይህን አንቀጽ አታውጪው ያለችኝ እሷው ናት።

ስልኩን ዘግቼ የአዘጋጁ ክፍል ገባሁ። ልጮህበት ነበር የሄድኩት። ግን አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው።

«የአባትህን መርዶ ማን ነገረህ?» አልኩት።

ግራ ገባው። «ጎረቤቶች» አለ። «ሊነጋ ሲል። ጋሼ እንትና በጀርባዬ ዞረው ትከሻዬን ያዙኝ። ለምን እንደያዙኝ አልገባኝም ነበር መጀመሪያ።» ከዚያ አፉን ያዘ። እያንዳንዳችን መርዶውን ማን እንደነገረን፣ ማን ከኋላ እንደያዘን እስከ ዕለተ ሞታችን አንረሳም።

«እኒህን ሴት ማንም አልያዛቸውም» አልኩት። «እኔ ነኝ የነገርኳቸው። ቆመው፣ እጃቸው ሳሙና ሆኖ። እኛ ደግሞ አራት ሰከንድ ቆርጠን ክራር ጨመርንበት።»

ተነስቶ የምሽቱን ድጋሚ ራሱ አወጣው። ከቴሌግራሙም ከድረ ገጹም አጠፋው፤ ማኅደሩ ውስጥ ያለውን ዋናውንም እኔ ቆሜ እያየሁ ደመሰሰው። ማታ በዚያው ሰዓት ይቅርታ አነበበ፤ የማን ድምፅ እንደሆነ ሳይል፣ ያለ ፈቃድ የሐዘንተኛን ድምፅ ማስተላለፋችን ስህተት ነበር አለ። ሰው ስልክ ውስጥ የገባውን ግን ማን ያወጣዋል? እህቲቱና የእድሩ ሰብሳቢ ድንኳኑ ውስጥ ከሰው ወደ ሰው እየዞሩ «እባካችሁ አጥፉት» ሲሉ ሦስት ቀን ከረሙ። እናትየው አልሰሙትም። እስከ ዛሬም አልሰሙትም።

ሌላ መዘዝም አስከትሏል። ድምፁ ሲወጣ «ራሱን ነው ያጠፋው» የሚለው ወሬ ከሰፈሩ አልፎ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። እናትየው የአርባ ቀኑ ፍትሐት ይከለከላል ብለው ስንት ቀን እህል አልቀመሱም። የንስሐ አባታቸው ናቸው ቤት ድረስ መጥተው «ልጁ ታሞ ነበር፣ በሽታው የአእምሮ ሆነ እንጂ ታሞ ነበር፤ እንጸልይለታለን» ያሉት። እኒያ ቄስ ያን ቃል ባይናገሩ ኖሮ ምን ይዤ እንደምኖር አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ያ ድምፅ እኔ ጋ ነው ያለው። ቢደመሰስም አለ። ብርድ ልብስ ስጨምቅ ይመጣል፣ የታክሲ ሬዲዮ ሲከፈት ይመጣል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ጩኸቱ አይደለም፤ «ለምኑ?» የምትለዋ ናት፣ ከነፈገግታዋ። ለቅሶ ቤት ስገባ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ማለት አቃተኝ። እጅ ነስቼ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ሰው ኩራት ይመስለዋል።

ለአዲስ ዘጋቢዎች አሁን እኔ ነኝ የማስተምረው። ወረቀቱ አለ፤ እሱን ራሳቸው ያንብቡት። እኔ የምላቸው ሁለት ነገር ነው። «ለቤተሰብ ተነግሯል» ሲሏችሁ «ለማን?» በሉ፤ እናቱ ታውቃለች ወይ፣ በስሟ ጠይቁ። መቅጃውን ደግሞ ሰውየው እያየ ክፈቱት፣ ከበር ላይ አይደለም። ሐዘን በገባበት ቀን «እሺ» ያለ ሰው በሳምንቱ «እንቢ» ካለ እንቢታው ነው የሚያዘው። «ይሄማ ቀላል ነው!» ይሉኛል። አዎ፣ ቀላል ነው።

የልጁ ሙት ዓመት ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው እህቲቱ ደወለችልኝ። በመሀሉ አልፎ አልፎ እንደዋወል ነበር፤ ትምህርቷን ቀጥላለች። «እናቴ ትፈልግሻለች። ሳይነጋ ነይ» አለችኝ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት «እሷ ትንገርሽ» አለች። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ሊረግሙኝ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ቢረግሙኝም ተገቢ ነው አልኩ።

ገና ጎህ ሳይቀድ ደረስኩ። ጉም ወርዷል፣ ከኪዳነ ምሕረት በኩል ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ስልኬን በሩ ላይ ለልጅቷ ሰጠኋት፤ አልጠየቀችኝም፣ እኔ ነኝ የሰጠኋት። ቤት ውስጥ የእድሩ ሰብሳቢና ከሰላሌ የመጡት አክስት ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። እናትየው መደብ ላይ ናቸው። ጥቁራቸውን ገና አላወለቁም። ከፊታቸው አንድ ዱካ ባዶ ነው፤ ተቀመጪ አሉኝ።

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ይቅርታሽን ልጄ ነግራኛለች፣ ሰምቻለሁ» አሉኝ። «እኔ ሌላ ነው የፈለግኩሽ። ያን ቀን ቆሜ ነው የነገርሽኝ። እጄ ሳሙና ነበር። ጠዋት ሊነግሩኝ ያሰቡት ሰዎች ሳይነግሩኝ ቀሩ። ሰው ሁሉ ‹እግዚአብሔር ያጽናሽ› ሲለኝ ያንቺን ፊት አያለሁ። አፌ ‹አሜን› አይልልኝም። ዓመቱን ሙሉ ለአንድም ሰው አሜን አላልኩም። ጸሎትም ላይ ያቅተኛል።» ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ከመሐሉ ጀምሮ ነው የሰማሁት። እስቲ አሁን እንደ ሰው ንገሪኝ።»

ሽማግሌውን አየኋቸው፤ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ልጅቷ ተነሳች፣ መደቡ ላይ ወጥታ ከእናቷ ጀርባ ተቀመጠች፣ ሁለት ትከሻቸውን ያዘች። አክስቲቱ አጠገባቸው ተጠጉ። ያኔ ሊሆን የታሰበው ሁሉ በየቦታው ሆነ።

ከዱካው ወርጄ ተንበረከክኩ። እጃቸውን ያዝኩ። ደረቅ ነበር።

«እማማ» አልኩ። «ልጅዎ… ልጅዎ አርፏል።»

አልጮሁም። እንደ አዲስ የሚሰሙ ሰው ሆነው ጠየቁኝ። «መቼ?» አሉ። ነገርኳቸው። «ታሞ ነበር?» አሉ። «አዎ፣ ታሞ ነበር» አልኩ። «እኛ አላወቅንለትም?» አሉ። «ማንም አላወቀለትም፤ ሲስቅ ነበር የምታዩት» አልኩ። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው «ብርድ ነበር?» አሉኝ። ምን ልበል? አላውቅም አልኳቸው። ዋሽቼ ማጽናናት እችል ነበር፤ ግን እዚያ ቤት ውስጥ ያላጣራሁትን ነገር ሁለተኛ አልናገርም።

ከዚያ አለቀሱ። ልጃቸው ከኋላ ይዛቸው፣ እህታቸው እያባበሏቸው፣ ሽማግሌው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው፣ ሰው ሲያለቅስ እንደሚያለቅሰው አለቀሱ። ጎረቤት ለቅሶውን ሰምቶ አንድ በአንድ ገባ፤ ማንም ምንድን ነው አላለም። ቤቱ ሞላ። ውጪ ነግቷል።

ኋላ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና አዩኝ።

«አሁን በይኝ» አሉ።

ዓመት ሙሉ ያላወጣሁት ቃል ነው። ሁለቴ ጀምሬ አቃተኝ። ልጅቷ ከእናቷ ትከሻ በላይ አየችኝ፤ በዚህኛው ቀን የነቀነቀችው ወደ ታች ነው።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኩ።

«አሜን» አሉ።